ሰባት ቦርሳ ሲቀር ምን ብለን እንለጥፍ?

«ጋሼ፣ ያለኝ ሰባት ቦርሳ ነው። ‹ፍጠኑ› ብዬ ብለጥፍ እንደነዚያ አጭበርባሪዎች እመስላለሁ። ዝም ብል ደግሞ ሰው ነገ ነገ እያለ ያልፈኛል። ቴሌግራም ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ይህን ያለችኝ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ አንድ ክፍል ቤት ከወንድሟ ጋር የቆዳ ቦርሳ የምትሰፋ ልጅ ናት። የጻፈችውን ረቂቅ አሳየችኝ። ሦስት የእሳት ምልክት፣ «ፍጠኑ! ጥቂት ብቻ ቀረ! ዛሬ ብቻ!»፣ ከታች ደግሞ «ዋጋ በኢንቦክስ»። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ቻናል እንዲህ ነው የሚጽፈው። «ዛሬ ብቻ» ያለው ቦርሳ በሦስተኛው ሳምንትም እዚያው ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። ዋጋ ደብቆ ፍጠኑ ማለት ደግሞ ጨርሶ አይገባኝም። የቸኮለ ሰው ዋጋ ለመጠየቅ ወረፋ ይያዝ?

ለመሆኑ ሰባት ከየት መጣ? ስጠይቃት መልሷ ከረቂቁ በጣም የተሻለ ሆኖ አገኘሁት።

የገዛችው ሁለት ግማሽ የከብት ቆዳ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ አርባ ስኩዌር ፊት ገደማ። አንድ ቦርሳ ከነማንገቻውና ከነኪሱ አራት ፊት ያህል ይበላል። ወረቀት ላይ አሥር ቦርሳ ይወጣል ማለት ነው። ቆዳው ግን እንደ ወረቀት አይደለም። የሆዱ በኩል ልል ነው፤ ማንገቻ ቢሠሩበት በወሩ ይለጠጣል። አንዱ ቆዳ ላይ ደግሞ መዥገር የበላው ቦታ በጀርባው በኩል ተረጭቶ ነበር። ለውስጥ ኪስ ይሆናል፤ ለፊት ግን አይሆንም። እሷ እየዞረች፣ ፎርማውን እያንቀሳቀሰች፣ ዘጠኝ አወጣች። ስፌቱ በእጅ ነው። በወስፌ ይበሳል፣ ሰም በተቀባ ክር ሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ይተላለፋል። አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። በገዳማቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የመጻሕፍት ማኅደር ያየ ሰው የቆዳ ስፌት ሲጠነክር ምን ያህል እንደሚቆይ ያውቀዋል። ለአንድ ቦርሳ አንድ ቀን ተኩል ይሄዳል።

ዘጠኝ ተሠራ። ሁለቱ ግን ባለቤት አላቸው። አንዱ ቀብድ የከፈለች የድሮ ደንበኛ ነው፤ ሌላው ዘለበቱ ለተነቀለበት ሰው የሚተካ ነው። ስለዚህ ለሽያጭ የቀረው ሰባት። እዚህ ላይ ብዙ ደህና ሰው ሳያስበው ይዋሻል። «ዘጠኝ አለን» ይልና ሁለቱን ከጀርባ ያወጣቸዋል። ከዚያ ስምንተኛው ሰው ብር ልኮ «ይቅርታ አለቀ» ይባላል። ደግሞ ሰባቱም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አራት ቡናማ፣ ሦስት ጥቁር። ጥቁር ለሚፈልግ ሰው ያለው ቁጥር ሦስት ነው።

«ይህንኑ ለኔ እንደነገርሽኝ ጻፊው» አልኳት። ተቀምጠን እንዲህ አወጣነው፦

«ሰባት የትከሻ ቦርሳ ደርሷል፤ 4 ቡናማ፣ 3 ጥቁር። የከብት ቆዳ፣ የእጅ ስፌት። ዋጋ 4,800 ብር። የተሠሩት ከሁለት ቆዳ ነው፤ ቆዳው አልቋል። ቀጣዩ ከየካቲት አጋማሽ በፊት አይደርስም። ለጥምቀት የሚፈልግ ካለ ከእነዚህ ነው የሚደርሰው። ቀድሞ ቀብድ የላከ ይይዛል። ያለ ቀብድ የተያዘ እስከ ቅዳሜ ጥር 2 ቀን እኩለ ቀን ይጠብቃል፤ ከዚያ ለተከታዩ ይሰጣል። የተለጠፈው ዓርብ ጥር 1 ምሽት።»

አንድም ቃለ አጋኖ የለውም። ግን ጥቁር የፈለገ ሰው ሲያነበው ከተቀመጠበት ይነሳል። የሚያስነሳው የካቲት ነው። ሰው ነገ ነገ የሚለው ነገም እንደሚኖር ስለሚገምት ነው፤ ነገ አለመኖሩን በምክንያት ሲነግሩት ራሱ ያሰላዋል። ቀጣዩን ቀን በትክክል ካላወቁት «ከዚህ በፊት አይደርስም» ማለት ይበቃል። ቆዳ ነጋዴው ሊዘገይ ይችላል፤ በክረምት ደግሞ ማስቲሹም ለመድረቅ ቀኑን ይወስዳል።

ልጅቷ በአንድ ነገር ተከራከረችኝ። «ለምን ዛሬ፣ ነገ ብዬ አልጽፍም? ሰዓቱ ቴሌግራም ላይ ይታይ የለ?» አለች። ይታያል። ችግሩ ፖስቱ ቻናሉ ላይ ብቻ አይቀርም። አንዷ ለእህቷ ፎርዋርድ ታደርጋለች፤ እህቷ የመሥሪያ ቤት ግሩፕ ውስጥ ትወረውረዋለች። ቻናሉ ላይ ያለውን ኤዲት አድርገሽ «ጥቁር አልቋል» ብትይ ፎርዋርድ የተደረገው ቅጂ አይለወጥም። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ሦስቱ ጥቁር ቦርሳ ለዘላለም አሉ። «ዛሬ» የሚለው ቃልም በተነበበ ቁጥር አዲስ ቀን ይሆናል። ቀኑ ከነስሙ ጽሑፉ ውስጥ ካለ ግን ቅጂው የትም ቢደርስ ዕድሜውን ይናገራል።

ሰዓትም እንዲሁ። እኛ «ምሽት 2 ሰዓት» የምንለውን የስልኩ ሰዓት 20:00 ይለዋል። ውጭ ያለ ዘመድ ደግሞ 2 ሰዓትን በፈረንጅ ይቆጥረዋል። «እኩለ ቀን» ብሎ መጻፉ ይሻላል፤ እሱን የሚያምታታ የለም።

ሌላው የጊዜ ገደቡ ርዝመት ነው። መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ልትሰጥ ነበር። ባሕር ዳር ሆኖ ይህን ማሰብ ይከብዳል። በነሐሴ 2015 የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ምን እንደሆንን የምንረሳ አይመስለኝም። ዛሬም ኔትወርክ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው ደግሞ የቻናል ድምፅ ዘግቶ ማታ ነው የሚያየው። ሁለት ሰዓት የምትሰጥ ፖስት ዋይፋይ ላለው ሰው የተጻፈች ናት። ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ ስልኩን ያላየ አይኖርም።

ይህ አጻጻፍ ጉዳት የለውም አልልም። በመጀመሪያው ሰዓት የመጡላት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ደንግጣ ደወለችልኝ፤ «እሳቱን ልጨምርበት?» እያለች። አትንኪው አልኳት። ቦርሳ በወጣ ቁጥር ቁጥሩን ኤዲት እያደረገች፣ ለኢንቦክሱም በመጡበት ተራ እየመለሰች አመሸች። አክስቷ «ለኔ አንድ ጥቁር ያዢልኝ» ብላ ስትደውል ሦስተኛው ጥቁር ገና አልተሸጠም። ለአክስቷ አስቀድማ መያዝ ነበረባት ወይስ እንደማንም ወረፋ? ቀብዱን አክስቷ ስላልላከች ለሌላ ሰው ሄደ፤ ይህን ጉዳይ እስካሁን ቤት ውስጥ አልጨረሱትም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አንድ ቡናማ ቀርቶ ነበር። «ገደቡ አልፏል፤ አንድ ቡናማ አለ» ብላ ጻፈች። ሰኞ ጠዋት ከሽምብጥ አንዲት ሴት መጥታ፣ ስፌቱን በጣቷ እየዳሰሰች፣ ዋጋ ሳትከራከር ወሰደችው።