ክሱን ንገሩኝና ልከላከል፦ አካውንቴን ለዘጋው የጌም ድርጅት

ይድረስ ለተከበረው ድርጅታችሁ፣

ጤና ይስጥልኝ። በ«ማጭበርበር» አካውንቴን እስከወዲያኛው የዘጋችሁብኝ ደንበኛችሁ ነኝ። በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። አቤቱታዬን ልኬ ሻይ እንኳ ሳላፈላ «ጉዳይዎን በጥልቀት መርምረናል፤ ውሳኔያችን የመጨረሻ ነው» የሚል መልስ ደረሰኝ። እንዲህ የፈጠነ ችሎት አይቼ አላውቅም። የጎደለው ክሱ ብቻ ነው።

ስጠይቅ «ለደኅንነት ሲባል አንገልጽም» አላችሁ። ይገባኛል፤ የምትይዙበትን መንገድ ብትናገሩ እውነተኞቹ ቺተሮች ያመልጡበታል። ግን እኔ የቱን ልከላከል? አነጣጥሮ የሚተኩስልኝ ኤይምቦት ነው? ጥይቴ እኮ የሚያርፈው ግድግዳ ላይ ነው። ዎልሃክ ነው? በግድግዳ አሻግሮ የሚያይ ሰው በየዙሩ ከኋላው በቢላ አይወጋም።

እናንተ ዝም ስትሉ መርማሪነቱን እኔው ያዝኩት። ጥርጣሬዬ አማርኛ መጻፊያዬ ላይ አርፏል። ቻት ላይ «ቡና ልጠጣ፣ መጣሁ» ልል b ስነካ መጀመሪያ «ብ» ይወጣል። u ሳስከትል ፕሮግራሙ «ብ»ን ያጠፋና «ቡ»ን ይተካል። እኔ የነካሁት አንድ ቁልፍ ነው፤ እሱ ግን ማጥፊያውንም ፊደሉንም በስሜ ይልካል፣ ያውም በዐይን ጥቅሻ። የእናንተ ጥበቃ ደግሞ የሚያድነው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም፦ ከጣት ያልመጣ፣ ሰው በማይችለው ፍጥነት የተላከ ቁልፍ። ቺተሩ በዚያ መንገድ ይተኩሳል፤ እኔ ቡና እላለሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ይህ ግምት ነው ካላችሁ፣ እውነቱን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ።

ደግሞ አትፈሩ፣ ከእናንተ በፊትም የተሳሳተ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጌም ድርጅቱ ቫልቭ 12,000 ገደማ የ«ሞደርን ዋርፌር 2» ተጫዋቾችን ያለጥፋታቸው አግዶ ነበር። እገዳውን አነሳ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሌላ ጌም በነጻ ሰጣቸው። በ2023 ደግሞ Anti-Lag+ የተባለው የግራፊክስ ካርድ አምራቹ የኤኤምዲ ድራይቨር አገልግሎት «ካውንተር ስትራይክ 2» ፋይሎች ውስጥ እጁን አስገባ። መዘግየት ለመቀነስ ብለው ያበሩት ሰዎች በቺተርነት ታገዱ። ኤኤምዲ ድራይቨሩን ሰበሰበ፣ የታገዱትም ተመለሱ።

እኔ ነጻ ጌም አልጠየቅኩም። የታገድኩበትን ቀን፣ የግጥሚያዎቹን ቁጥርና በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሬ ላይ ክፍት የነበሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር፣ መጻፊያውንም ጨምሮ፣ አያይዣለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ሰው፣ የምር ሰው፣ የመጨረሻ ግጥሚያዬን ከፍቶ ይመልከትልኝ። አይቶ ሲጨርስ «ይሄ ልጅ እንኳ ቺት ቢጠቀም ይሻለው ነበር» ካለ ቅር አይለኝም፤ በጽሑፍ ይስጠኝ፣ ከአቤቱታዬ ጋር አያይዘዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ ተጫዋች