መረጃው ደህና፣ አቀራረቡ ደካማ የሆነ ረቂቅ ሲገመገም

በውጭ አገር እየሠራሁ ለአገር ቤትም ለውጭም የምርምር መጽሔቶች ረቂቅ ጽሑፎችን እገመግማለሁ። የሁለቱ ወገን ገምጋሚዎች ልዩነት ጎልቶ የታየኝ መረጃው ደህና ሆኖ አቀራረቡ የደከመ ጽሑፍ ሲገጥማቸው ነው። ካነበብኋቸው የአገር ቤት ሪፖርቶች ብዙዎቹ የመመረቂያ ጽሑፍ ፈተና ጠባይ አላቸው፤ «አዲስ ነገር የለውም» ብለው በአንድ መስመር ይዘጉታል፣ ወይም ዋናውን ድካም ትተው ሰዋስው ላይ ይዘምታሉ። የውጭዎቹ ደግሞ በምስጋና ጀምረው በምስጋና ስለሚጨርሱ፣ ጸሐፊው የአርታኢው የውድቅ ደብዳቤ ሲደርሰው ግራ ይጋባል።

የማንንም ረቂቅ ላለማጋለጥ ምሳሌ ላቀናብር። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ላይ በምትገኝ ከተማ ለእርግዝና ክትትል የመጡ እናቶች ሄሞግሎቢን ተለክቷል፤ ናሙናው በአግባቡ ተመርጧል፣ ከፍታ ሄሞግሎቢንን ከፍ ስለሚያደርግም ውጤቱ ለከፍታው ከመታረሙ በፊትና በኋላ ተቀምጧል። መግቢያው ግን የጥናቱን አስፈላጊነት «በዚህች ከተማ አልተጠናም» በማለት ብቻ ያስረዳል፤ ማጠቃለያውም እናቶቹ ስለ ብረት እንክብል የተጠየቁትና ደማቸው የተለካው በአንድ ቀን ሆኖ ሳለ፣ እንክብሉ የደም ማነስን እንደቀነሰ ያውጃል።

የሪፖርቱ የመጀመሪያ አንቀጽ ጥናቱን በገምጋሚው ቃል ያሳጥራል፤ ጸሐፊዎቹ ሥራቸው እንዴት እንደተነበበ የሚያዩት እዚያ ነው። ቀጥሎ መረጃው የሚታመንበት ምክንያት ተለይቶ ይጻፋል፦ የናሙናው አመራረጥና የከፍታው እርማት። ይህ ከተዘለለ አርታኢው በአቀራረቡ ላይ የተሰነዘረውን ትችት በመረጃው ላይ እንደተሰነዘረ ስለሚቆጥረው፣ ሊታረም የሚችል ጽሑፍ ይወድቃል።

ዋናው አስተያየት የተሻለውን ጥያቄ ከጸሐፊዎቹ ሠንጠረዥ አውጥቶ ማሳየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 እስኪቀየር ለረጅም ጊዜ በተሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት በዚያ ከፍታ ከእያንዳንዱ ውጤት በዴሲሊትር 1.3 ግራም ይቀነስ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ስሌት 12 ግራም የተለካላት ነፍሰ ጡር 10.7 ሆና ለደም ማነስ መለያ ከነበረው 11 በታች ትወርዳለች። ጤና ጣቢያው ይህን እርማት ባይሠራ ስንት እናቶች ጤነኛ ተብለው ይሸኛሉ? መግቢያው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ እንዲጻፍ መጠየቅ «አቀራረቡን አሻሽሉ» ከማለት እጅግ ይሻላል፤ ጸሐፊው ሰኞ ጠዋት ምን እንደሚሠራ ያውቃልና።

ስለ እንክብሉ የሚጻፈውም ሰዎቹን ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩን ይመለከታል፦ «መረጃው ተያያዥነትን እንጂ ምክንያትን አያሳይም፤ እንክብሉን የወሰዱት ክትትል ቀድመው የጀመሩት ሊሆኑ ይችላሉ።» ለስላሳ ቢሆንም መሸሸጊያ የለውም።

ጥቃቅኑ በመጨረሻ በጥቂት መስመር ይበቃዋል። ውሳኔው ከፍተኛ ማሻሻያ ሲሆን፣ ርእሱ፣ መግቢያውና ማጠቃለያው እንደገና እንዲጻፉ፣ አዲስ መረጃ ግን እንደማያስፈልግ በግልጽ ይነገር። ለአርታኢው ብቻ በሚላከው ማስታወሻም ለጸሐፊዎቹ ያልተነገረ ከባድ ትችት መኖር የለበትም።