የእርስዎ ስልክ ብቻ ኔትወርክ ሲያጣ

«ሲሙ ከስልኬ ሳይወጣ ብሬ እንዴት ይወጣል?» ላሉት የደብረ ብርሃን ጠያቂ፦

ሌባው የሚፈልገው ቁጥርዎን ነው። በሐሰተኛ መታወቂያ «ሲም ጠፋብኝ» ብሎ ምትክ ያስወጣል። አዲሱ ሲም ሥራ ሲጀምር የእርስዎ ሲም ይሞታል፤ የባንኩ ማረጋገጫ ቁጥርም ለእሱ ይገባል። ፒኑን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ «ከባንክ ነው የምደውለው» ብሎ ከራስዎ ወስዶታል። የልደት ዓመትንም ፒን አያድርጉ፤ መታወቂያው ላይ ተጽፏል።

ገበያ መሃል የሌላው ሰው ስልክ እየሠራ የእርስዎ ብቻ ኔትወርክ ካጣ፣ አጥፍተው ያብሩት። ካልተመለሰ እባክዎ እስከ ማታ አይጠብቁ፤ አጠገብዎ ካለ ሰው ስልክ ተውሰው ወዲያው ባንክዎ ጋ ይደውሉና ሞባይል ባንኪንጉን ያዘጉ፤ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ነው። ከዚያ በኋላ ሲሙን በ994 ለኢትዮ ቴሌኮም ያሳውቁ። ባንኩ ይቅደም፤ ብሩ ያለው እዚያ ነውና።