አምስት ክር፣ አራት ቅኝት፦ ልዩነቱ ያለው ማረፊያው ላይ ነው

«ክራሬን በትዝታ ቃኝቼ አንድም ክር ሳልነካ ባቲ የሚመስል ዜማ ወጣልኝ። ድምጾቹ አንድ ከሆኑ አራቱ ቅኝቶች በምን ይለያያሉ?» — የክራር ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጆሮዎ አልተሳሳተም። የወጣልዎት ባቲ ማይነር ነው። ችግሩ ያለው ቅኝት በብዙ ቦታ በሚሰጥበት መንገድ ላይ ነው። ተማሪ አምስት ድምጽ በኪቦርድ ተቆጥሮለት «ይህ ትዝታ ነው፣ ይህ ባቲ ነው» ይባላል። ዜማው የት እንደሚያርፍ ግን አይነገረውም። በእኛ እምነት መጀመሪያ መነገር ያለበት ይኸው ማረፊያ ነው፤ የድምጾቹ ዝርዝር ከዚያ በኋላ ይድረስ።

አንድ ክራር ይዘን እንሂድ። ክሮቹን በእጅ አቀማመጣቸው ሳይሆን ከወፍራም ወደ ቀጭን ድምጽ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እንበላቸው። በፒያኖ ላይ ነጩንም ጥቁሩንም ቁልፍ ሳንዘል ስንቆጥር ከዶ እስከ ሬ 2፣ ከሬ እስከ ሚ 2፣ ከሚ እስከ ሶል 3፣ ከሶል እስከ ላ 2፣ ከላ እስከ ላይኛው ዶ 3 ቁልፍ ነው። ዜማው ዶ ላይ ሲያርፍ ትዝታ ሜጀር ይባላል። በአምስቱ መካከል 1 ቁልፍ ብቻ የሚራራቁ ጎረቤቶች የሉም፤ የሚቆረቁር ነገር የለውም። ወደ ቤቱ የሚገባውም ከሬ በሰፊ፣ በለሰለሰ እርምጃ ወርዶ ነው። ትዝታ ሲዘፈን ድምጻዊው ቸኩሎ የማይዘጋው፣ ሬ ላይ ቆይቶ ቆይቶ ዶ ላይ የሚወርደው ለዚህ ይመቸዋልና ነው።

አሁን ክሮቹን ሳይነኩ የስንኙን መጨረሻ ላ ላይ ያሳርፉ። ከላ ተነስተን ስንቆጥር ርቀቱ 3፣ 2፣ 2፣ 3፣ 2 ይሆናል፤ ባቲ ማይነር ማለት ይህ ነው። ከማረፊያው በላይ ያለው የቅርብ ጎረቤት 3 ቁልፍ ስለሚርቅ ዜማው ከላይ ሲመለስ አይንሸራተትም፣ ይዘላል። ትዝታን ሆድ የሚያባባ የሚያደርገው ያ ዝግታ እዚህ የለም፤ ባቲ ቆፍጠን ያለ ነው። እርስዎም ሳያውቁት የስንኙን መዝጊያ ላ ላይ ደጋግመው መትተው ይሆናል።

ሁለተኛው እርምጃ ሚን እና ላን በ1 ቁልፍ ማላላት ነው። ዶ ላይ ካረፉ ትዝታ ማይነር ሆነ። ሬና ሚ፣ ሶልና ላ ተጠጋግተዋል፤ ስሜቱም ጠቆር ይላል። ከዚያ ማረፊያዎን ወደ ሶል ይውሰዱት፤ አምባሰል ወጣ። ርቀቱ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው። ከማረፊያው በላይ ያለው ድምጽ 1 ቁልፍ ብቻ ስለሚርቅ ሁልጊዜ ወደ ታች የሚጫን ይመስላል፤ ከእሱ በላይ ደግሞ ሰፊ ክፍተት አለ። ይህ ጥብቀትና ይህ ክፍተት ጎን ለጎን መቆማቸው ነው አምባሰልን ከባድና ግርማ ያለው የሚያደርገው። ባቲም አምባሰልም የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው፤ ቅኝቶቹ ግን በጎጃም አዝማሪ እጅም የቤት ልጆች ናቸው።

አንቺሆዬ ለኔ ግን በማረፊያ ለውጥ ብቻ አይገኝም፤ የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። ሶል ማረፊያ እንደሆነ ይቆይ። ሬን በ1 ቁልፍ ያላሉ፤ ቀደም ሲል ያላሉትን ሚ ደግሞ በ1 ቁልፍ አክርረው ወደ ቦታው ይመልሱ። አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይወጣል። ርቀቱ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ይሆናል። ጀማሪ ሬን አላልቶ ሚን መመለሱን ይረሳል፤ ከዚያ «አንቺሆዬ እምቢ አለኝ» ይላል። የረሳ ሰው የያዘው ሌላ ቅኝት ነው፦ ከላላው ላ ተነስቶ ቢቆጥር 4፣ 1፣ 2፣ 4፣ 1 ያገኛል፤ ባቲ ሜጀር ማለት ነው። ምልክቱም ቀላል ነው። ሶል ላይ ለመዝጋት እየሞከሩ ጆሮዎ ወደ ላ የሚጎትትዎት ከሆነ ሚ አልተመለሰም።

የአንቺሆዬ ስሜት ከሌሎቹ የሚለየው ባጣው ድምጽ ነው። ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም ከማረፊያቸው 7 ቁልፍ በላይ አንድ ጽኑ ድምጽ አላቸው፤ ዜማው መሀል መንገድ ላይ አረፍ የሚልበት ሁለተኛ ቤት ነው። በአንቺሆዬ ይህ ድምጽ በ1 ቁልፍ ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ዜማው ማረፊያው እስኪደርስ ድረስ የትም አይደላደልም፤ እንደተንጠለጠለ ይሄዳል። የሚያጓጓውም የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው።

ይህን ሳያውቁ አጃቢ መሆን ዘፈኑን ያበላሻል። በጎጃም የሰርግ ድንኳን ውስጥ ኪቦርድ ማሲንቆውን እየተካው ከመጣ ወዲህ ይህ ስህተት ደጋግሞ ይሰማል። የግራ እጅ ባስ በልማድ ማረፊያውንና ከእሱ 7 ቁልፍ በላይ ያለውን ድምጽ ያፈራርቃል። በሦስቱ ቅኝቶች ያስኬዳል። በአንቺሆዬ ግን በእኛ ክራር ላይ ያ ድምጽ ያልላላው ሬ ነው፤ ዘፋኙ ከሚያወጣው የላላ ሬ ጋር በ1 ቁልፍ ይጋጫል። ዘፋኙ ሳይታወቀው ድምጹን ወደ ባሱ ያስጠጋዋል፤ ሚም ተከትሎ ከወረደ ዘፈኑ አምባሰል ሆኖ ያርፈዋል። መፍትሔው ባሱ ማረፊያውን ብቻ ይዞ እንዲቆይ ማድረግ ነው፤ ማፈራረቅ ካስፈለገም 5 ቁልፍ በላይ ያለውን ድምጽ፣ በእኛ ክራር ዶን፣ ይጠቀሙ።

ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ስላለው ለቅኝት ተብሎ የሚላላም የሚከርም ክር የለውም፤ ቅኝቱ ያለው በአዝማሪው ጣት ውስጥ ነው። ጣት በቁልፍ ስላልታጠረ ጠባቡን እርምጃ ትንሽ ይበልጥ ሊያጠብበው ወይም ሊያሰፋው ይችላል። ከላይ የሰጠነው የቁልፍ ቆጠራ እንግዲህ መነሻ ነው። የመጨረሻውን ልክ ከማሲንቆ መስማት ይሻላል፤ ከኪቦርድ ግን አይገኝም።

በጎጃም የዜማ ትምህርት ያለፈ ሰው እነዚህን ከግዕዝ፣ ከዕዝልና ከአራራይ ጋር ሊያዛምዳቸው ይሞክራል። እነዚያ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ስልቶች ናቸው፤ አንዱን ከአንዱ አጣምሮ ማስተማር ሁለቱንም ያደናግራል።

የዚህ መንገድ ጉድለትም አለው። ማረፊያው ሶል ሲሆን ከእሱ በላይ የሚቀረው ክር ላ ብቻ ነው፤ ባለ ስድስት ክር ክራር ከሆነ ላይኛው ዶ ይጨመራል። ስለዚህ ዜማው አብዛኛውን ከማረፊያው በታች ይመላለሳል። ቅኝቶቹን በጆሮ ለመለየት በቂ ነው። አንድ ሙሉ የአምባሰል ዘፈን ለመጫወት ግን ማረፊያው ከታች፣ ወፍራሙ ክር ላይ እንዲውል አድርጎ እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል፦ ዶ እንዳለ ሆኖ የቀሩት አራቱ ከእሱ 1፣ 5፣ 7 እና 8 ቁልፍ በላይ ይቀመጣሉ።

ለልምምድ፣ ክር ከመንካትዎ በፊት ማረፊያውን በአፍዎ ይያዙት፤ ሌላ ሰው ቢያንጎራጉርልዎት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ትዝታ ጀምረው ባቲ ውስጥ ከገቡ መቃኛውን አይንኩ፤ የስንኙ የመጨረሻ ምት የትኛው ክር ላይ እንዳረፈ ይመልከቱ።