በአካል «የኔ ማር»፣ በቴሌግራም «እሺ እህቴ»

ዛሬ ካልተናገርኩ ልፈነዳ ነው። ያ ልጅ እንደገና ጀመረኝ። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለው፣ ሊፍቱ ሳይከፈት ሳቁ የሚሰማው።

ትላንት ምሳ ላይ ሽሮው ገና ሳይበርድ ጠቅልሎ እጁን ዘረጋ። «አፍሽን ክፈቺ የኔ ማር።» በሰው ፊት! ጎረስኩ፣ ምን ላድርግ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ ደገመኝ። ሒሳብ ክፍል ያለችው ልጅ የራሷን ጉርሻ አየር ላይ አቁማ ታየናለች። ማታ ደግሞ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ድረስ ሸኘኝ። ቤቱ ሲኤምሲ የሆነ ሰው ሜክሲኮ ምን ይሠራል? ሰልፉ ላይ ቆሞ ከፀጉሬ ላይ ቅጠል አነሳልኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቅጠል ከየት መጣ?

እንግዲህ እኔም ሰው ነኝ። ቤት ገብቼ፣ እናቴን «በልቻለሁ» ብዬ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ጻፍኩለት። «ዛሬ በጣም ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ቅዳሜ ቡና እንጠጣ?» ይህቺን ለመጻፍ ስንቴ እንዳጠፋሁ አትጠይቁኝ። መጀመሪያ የቡና ስኒ ምስል ነበረባት፤ በዛ ብዬ አነሳሁት።

ወዲያው ሁለት ቲክ ሆነ። አየው ማለት ነው። መጻፍ ጀመረ። ተወ። እንደገና ጀመረ። እኔ ስልኩን ይዤ ተቀምጬ የማትሪክ ውጤት የምጠብቅ መስያለሁ። በመጨረሻ መጣ፦

«እሺ እህቴ። ሪፖርቱን ለኃላፊው ላክሽው?»

እህቴ! ማታ! ሪፖርት! የሚያጎርሰኝ ሰው ነው እንግዲህ ይሄ። ቅዳሜስ? «እሺ» ያለው ለቡናው ነው ወይስ ለሰላምታው? ሰዓት የለ፣ ቦታ የለ። «ልኬዋለሁ» አልኩት። አውራ ጣት ላከልኝ። የቀበሌ ማህተም ይመስል አንዲት ቢጫ አውራ ጣት።

ጓደኞቼ ደግሞ ለሱ ጠበቃ ሆነው ቁጭ አሉ። አንዷ «መጻፍ የማይወድ ወንድ አለ፣ ጣቱ ሰነፍ ነው» ትላለች። እሺ። ታዲያ በዚያችው ማታ በመሥሪያ ቤቱ የኳስ ግሩፕ ላይ ስለ አርሰናል የተከላካይ መስመር ሦስት አንቀጽ የጻፈው ማነው? በግዕዝ ፊደል፣ በአራት ነጥብ! ሌላዋ «ዳታ አልቆበት ይሆናል» አለች። በአውራ ጣትና በሦስት አንቀጽ መካከል ዳታ ገዛ? ያቺኛዋ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስልኩን የምታይ ሰው ብትኖርስ?» አለች። ይሄኛው ነው ሆዴን የቆረጠኝ። ምክንያቱም ስሙ ሥር ሁልጊዜ «last seen recently» ነው የሚለው። ሰዓቱን ደብቆታል። አሁንም ሊሆን ይችላል፣ ከትላንት ወዲያም ሊሆን ይችላል። የራሱን ሲደብቅ ደግሞ ቴሌግራም የኔንም አያሳየውም። ማለትም መቼ ገባሁ መቼ ወጣሁ ማየትም አልፈለገም። እኔ የሱን ሳድን አመሻለሁ።

ለፋሲካም ያው ነው። በአካል ሲያገኘኝ «ያላንቺ በዓሉ አይደምቅም» ብሎኝ ነበር። በበዓሉ ቀን የደረሰኝ ግን የዶሮና የሻማ ካርድ ነው፣ ከሆነ ቻናል ፎርዋርድ የተደረገ። ያንኑ ካርድ ለጥበቃው ጋሼም ልኮላቸዋል። ራሳቸው አሳይተውኛል፣ ደስ ብሏቸው። ጃንጥላዬንም ወስዶ ቀርቷል፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራለን።

ገና አላለቀም። ዛሬ ጠዋት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሊፍት ውስጥ፣ ሰው ሞልቶ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ትላንት ማታ ለምን ጠፋሽብኝ?»

እኔ! ጠፋሁ! ስልኬን አውጥቼ ለሊፍቱ ሕዝብ ላነብለት ነበር። «ከአውራ ጣት በኋላ ምን ይባላል ወንድሜ?» ልለው ነበር። ግን ሽቶው ሸተተኝና «ደክሞኝ ተኛሁ» አልኩ። ከዚያ እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሦስተኛ ፎቅ ወረደ። ስለ ቅዳሜ አንድ ቃል የለም።

አሁን ደግሞ ኮሜንት ላይ «በግልጽ ጠይቂው» የምትሉ አትድከሙ። በአካል ስጠይቀው ትከሻዬን መታ አድርጎ «አንቺ ደግሞ!» ብሎ ይስቃል። በጽሑፍ ስጠይቀው ስለ ሪፖርት ያወራኛል። ሦስተኛ መንገድ ካለ ንገሩኝ፤ ሽማግሌ ልላክበት?

ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር ይዞ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። እኔም ሄጄ እቀመጣለሁ፤ የቀረው ክፍት ቦታ ኃላፊው አጠገብ ነው።