ሦስት ርዕስ፣ ሦስቱም «የ» ብቻ፦ የማርክ ሊስት ብሶቴ

ይህን የምጽፈው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። የ58 ተማሪ ካርድ እንደገና እየሞላሁ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ አስፈርሜ የጨረስኩትን ካርድ። ምክንያቱ ደግሞ የኤክሴል ኮለም መጥበቡ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

የክፍል ኃላፊ የሆናችሁ መምህራን ነገሩን ታውቁታላችሁ። መንፈቅ ዓመቱ ሲያልቅ ባዶ ማርክ ሊስት በፍላሽ ወይ በቴሌግራም ይመጣልናል። ስም፣ ፆታ፣ 11 የትምህርት ዓይነት፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ አስተያየት። ያዘጋጀው ሰው ሁሉም በአንድ ወረቀት እንዲገባ ስለፈለገ ኮለሞቹን ጭምቅ አድርጎ አጥብቧቸዋል። መቶ የሚለው ቁጥር ሦስት አሃዝ ነው፤ ሦስት አሃዝ የሚይዝ ቦታ ሰጥቶ ሄደ። ቁጥሩስ ገባ። ርዕሱስ?

በእኛ ቋንቋ ይህ ነገር ከሌላው የባሰ ነው። የትምህርት ዓይነቶቻችንን ስም ተመልከቱ። የዜግነት ትምህርት። የክወናና እይታ ጥበባት። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ። እነዚህ ሦስቱ እኔ ጋ በመጣው ፋይል ጎን ለጎን ነበሩ። ኮለሙ ሲጠብ የሚታየው የመጀመሪያው ፊደል ነው። የመጀመሪያው ፊደል ደግሞ በሦስቱም «የ» ነው። ከጎኑ የተቆረጠ ግማሽ ፊደል። በቃ።

ኤክሴል ለቁጥሩ ቦታ ሳይበቃ ሲቀር ብዙ ጊዜ `####` ብሎ ይጮኻል። ጽሑፍ ሲቆርጥ ግን አይናገርም። በስተቀኝ ያለው ሴል ባዶ ከሆነ ጽሑፉ ወደዚያ ፈስሶ ይታያል። በስተቀኝ ሌላ ርዕስ ካለ ግን ድንበሩ ላይ ይቆረጣል፤ ምልክትም የለው። ሴሉን ብትጫኑት ላይኛው መስመር ላይ ሙሉው ይነበባል። ግን ከአስተማሪ ወረቀት ላይ ማርክ እየተነበበላችሁ ስትሞሉ ማነው እያንዳንዱን ርዕስ እየተጫነ የሚያየው? ፕሪንት ከተደረገ በኋላ ደግሞ የሚጫኑት ነገር የለም።

የሆነው ይህ ነው። ባልደረባዬ ታነባለች፣ እኔ እሞላለሁ። የአይቲን ማርክ የጥበባት ኮለም ውስጥ፣ የጥበባትን የአይቲ ውስጥ አስገባሁ። ለ58ቱም ተማሪ። ድምሩ አልተለወጠም። አማካዩም ደረጃውም አልተለወጠም። ሁለት ቁጥር ቦታ ቢለዋወጥ ድምር ምን ይሆናል? ስለዚህ በማጣራት ጊዜ ማንም አላየውም። አንድ ልጅ ካርዱን ይዞ መጥቶ «ቲቸር፣ አይቲ 94 ነው ያመጣሁት፣ ካርዴ ላይ ግን 61 ነው» ሲለኝ ነው የደነገጥኩት። ልጁ ቤቱ ገብቶ ተቆጥተውታል። ኮምፒውተር የሚወደው ልጅ በአይቲ 61 አመጣህ ተብሎ! ይህ ነው ያንገበገበኝ።

መፍትሔው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ለዚህ ነው የምበሳጨው።

ርዕሶቹ ያሉበትን ረድፍ፣ የትምህርት ዓይነቶቹን ብቻ፣ ምረጡ። Home ላይ Alignment በሚለው ክፍል ውስጥ «ab» የሚሉ ፊደላት ከዘንበል ያለ ቀስት ጋር ያሉበት ትንሽ ምልክት አለች። Orientation ትባላለች። እሷን ተጭናችሁ Rotate Text Up የሚለውን ምረጡ። ጽሑፉ ከታች ወደ ላይ ይቆማል። ከዚያ በግራ በኩል የረድፍ ቁጥሮቹ ባሉበት፣ የዚያን ረድፍ የታችኛውን ድንበር ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫኑ። ረድፉ ራሱ ከረጅሙ ርዕስ ጋር እኩል ይሆናል። Format ውስጥ AutoFit Row Height የሚለውም ያው ነው። በመጨረሻ ኮለሞቹን አንድ ላይ መርጣችሁ Column Width ላይ 5 ጻፉ።

እኔ ዛሬ ማታ ይህንኑ ሠራሁ። 11 ኮለም እያንዳንዱ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ሆነ። የስም ኮለሙን 28 ሰጠሁት። አስተያየቱን ለብቻ ገጽ ካደረግኩት በኋላ የቀረው ኮለም ሁሉ በአግድም በዞረ ኤ4 ወረቀት ስፋት ገባ፣ ቦታም ተረፈ። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚለው ከመጀመሪያው «የ» እስከ መጨረሻው «ጂ» ድረስ ይነበባል። አንገት ትንሽ ወደ ግራ ማዘንበል ነው እንጂ ሌላ ችግር የለውም።

አንዳንድ ባልደረቦች ኮለሙን ሲያሰፉ አያለሁ። የኮለሙን ድንበር ሁለቴ ይጫኑና ኤክሴል እስከ ርዕሱ ርዝመት ይወስደዋል። ሦስት አሃዝ ለምትይዝ ኮለም የ16 ፊደል ስፋት! ወረቀቱ ሁለትና ሦስት ገጽ ይሆናል፤ የተማሪው ስም አንዱ ገጽ ላይ፣ ማርኩ ሌላው ገጽ ላይ። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ይግባ ብለው ያሳንሱታል፣ ፊደሉ በመነጽርም አይታይም።

Wrap Text የሚሉም አሉ። Wrap Text ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለጠባብ ርዕስ አይደለም። ጽሑፉን የሚያጥፈው ክፍት ቦታ ባለበት ነው። አንዱ ቃል ራሱ ከኮለሙ ከሰፋ ግን መሃሉ ላይ ይሰብረዋል። «የኢን» አንድ መስመር፣ «ፎርሜ» ሌላ መስመር፣ «ሽን» ለብቻዋ ታች። እንዲህ ያለ ርዕስ ማን ያነባል? ደግሞ በቆመ ርዕስ ላይ Wrap Text በርቶ ከሆነ ረድፉን በራሱ ማስተካከል ይበላሻል፤ የቆመው ጽሑፍ በረድፉ ቁመት ልክ ይታጠፍና ሁለት ሦስት መስመር ሆኖ ይጨናነቃል። ስለዚህ ርዕሱን ስታቆሙ Wrap Text አጥፉት። ሁለት መስመር ካስፈለገ እናንተ ራሳችሁ በፈለጋችሁት ቦታ Alt+Enter ብላችሁ ስበሩት፣ ያን ጊዜ Wrap Text ራሱ ይበራል፤ ቁመቱን በእጃችሁ 80 ወይ 90 አድርጉለት።

በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ርዕስ የሚወዱ አሉ። ለማንበብ ይቀላል፣ አልክድም። ግን ለሴሎቹ መስመር ካሰመራችሁላቸው መስመሩም አብሮ ያዘነብላል፣ የመጨረሻው ርዕስም ከሰንጠረዡ ወጥቶ ወደ ቀኝ ይንጠለጠላል። መስመር ለበዛበት ማርክ ሊስት ቀጥ ያለው ይሻላል። Vertical Text የሚለውን ደግሞ እባካችሁ አትንኩት፤ ፊደሎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ይደረድራቸዋል፣ ረድፉም ግማሽ ወረቀት ይበላል።

Wrap Text ቦታው አስተያየት የሚለው ኮለም ነው። እዚያም ግን ሌላ በደል ተፈጽሟል። የመጣልን ፋይል ላይ የሁሉም ረድፍ ቁመት በእጅ 15 ተደርጎ ተቆልፏል። ቁመቱ በእጅ አንዴ ከተወሰነ፣ ጽሑፉ ሁለት መስመር ቢሆንም ረድፉ ከፍ አይልም። ስለ አንድ አዲስ ተማሪ «ከሌላ ትምህርት ቤት ስለመጣ የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት አልተሟላም» ብዬ ጽፌ ነበር። የወጣው ወረቀት ላይ የሚታየው አንዱ መስመር ብቻ ነው። ወረቀቱን ያየው ሁሉ ልጁ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ መሰለው። ሴሎቹ ባይዋሃዱ ኖሮ ሙሉውን ሰንጠረዥ መርጦ AutoFit Row Height ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

የተዋሃዱ ሴሎች ላይ ግን ይህ አይሠራም። Merge የተደረገ ሴል ውስጥ ምንም ያህል ብትጽፉ ረድፉ በራሱ አይስተካከልም። የእኛ ፋይል ላይ አስተያየቱ ሦስት ኮለም ተዋህዶ ነው የተሠራው። ለምን? አንድ ኮለም 25 አድርጎ ማስፋት ሲቻል! የትምህርት ቤቱን ስም ከላይ መሃል ለማድረግ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ለዚያም ማዋሃድ አያስፈልግም። ሴሎቹን መርጣችሁ Ctrl+1፣ ከዚያ Alignment፣ Horizontal ላይ Center Across Selection። መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ሴሎቹም እንደተለያዩ ይቀራሉ።

አማካይ የሚለውም ኮለም ያንኑ ያህል ጠባብ ነበር። ቁጥሩ General በሚባለው ዓይነት ከተተወ ኤክሴል አይጮኽም፣ ነጥቡን በዝምታ ያጠጋጋዋል። 87.45 እና 87.09 ሁለቱም 87 ሆነው ወጡ፣ ደረጃው ግን ሦስተኛና አራተኛ ይላል። አንዲት እናት መጥታ «እኩል አምጥተው እንዴት ልጄ አራተኛ ትሆናለች?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ወረቀቱ ላይ ያለው እኩል ነው። ኮለሙን 7 አድርጋችሁ ሁለት ነጥብ አስቀምጡለት።

ፋይሉን ለምታዘጋጁልን ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። ከመላካችሁ በፊት አንድ ተማሪ ብቻ ሞልታችሁ ፕሪንት አድርጉት። አስተያየቱን ረዘም አድርጋችሁ ጻፉ። ስክሪን ላይ ልክ የሆነ ረድፍ ወረቀት ላይ የታችኛው መስመር ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ሁለት ሦስት ነጥብ ቁመት ጨምሩለት። Print Titles ላይም የርዕሱ ረድፍ በየገጹ እንዲደገም አድርጉ፤ 58 ተማሪ አንድ ገጽ ላይ አያልቅም፣ ሁለተኛው ገጽ ያለ ርዕስ ነው የሚመጣው።

አሁን 31ኛው ተማሪ ላይ ነኝ። የአይቲውን 94 መጀመሪያ ነው የጻፍኩት፤ ነገ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ለልጁ እሰጠዋለሁ። ቤት ደውዬም እናገራለሁ።