የአክታ ምርመራ ደረጃ ሦስትን አይጠብቅም

«የቲቢ ጀርም በአደጋ ምድብ ሦስት ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ፣ ደረጃ ሦስት ላብራቶሪ እስኪሠራልን ድረስ በጤና ጣቢያዎቻችን የአክታ ምርመራ ይቆማል።» ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ላይ በተካሄደ የግምገማ ስብሰባ አንድ የጤና ኃላፊ የተናገሩት ነው።

በአዳራሹ ነበርኩ። ከደጀን እስከ ፍኖተ ሰላም ባሉ ላብራቶሪዎች አሥራ ሰባት ዓመት አክታ ስመረምር የኖርኩ ባለሙያ ነኝና ሰምቼ ማለፍ አልቻልኩም። ንግግሩ ጥንቃቄ ይመስላል፤ ሲፈተሽ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቁጥር ስለተጠሩ ብቻ አንድ ናቸው ብሎ የደመደመ ስሕተት ነው፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለውም አዳራሹ ውስጥ ያልነበረው ሕመምተኛ ነው።

የአደጋ ምድብ የሚነገረው ስለ ጀርሙ ነው። ምን ያህል ያሳምማል፣ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ፣ መድኃኒት ወይም ክትባት አለው ወይ የሚለውን ይመልሳል። የባዮሴፍቲ ደረጃ የሚነገረው ግን ስለ ክፍሉና በክፍሉ ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ ነው። ደረጃ አንድ ጤነኛን ሰው በማያሳምም ጀርም የሚሠራበት፣ የእጅ መታጠቢያና በቀላሉ የሚጸዳ ጠረጴዛ የሚበቃው ክፍል ነው። ደረጃ ሁለት ላይ ጋውንና ጓንት፣ ፈቃድ ለሌለው ሰው የማይከፈት በር፣ ቆሻሻን የሚያመክን አውቶክሌቭ፣ ጠብታ ለሚያስነሣ ሥራም አየሩን ከሠራተኛው ፊት ወደ ውስጥ የሚስብ የባዮሴፍቲ ካቢኔት ይጨመራል። ደረጃ ሦስት ሁለት ተከታታይ በሮች ያሉት፣ አየሩ ዘወትር ከኮሪደሩ ወደ ውስጥ የሚሳብና ወደ ሌላ ክፍል ሳይመለስ ወደ ውጭ የሚወጣ ክፍል ነው። ደረጃ አራት እንደ ኢቦላና ማርበርግ ላሉ ቫይረሶች የተለየ ስለሆነ እዚህ አያስፈልገንም።

ምድቡና ደረጃው ብዙ ጊዜ ይገጣጠማሉ፤ ኃላፊውን ያሳሳታቸውም ይኸው መገጣጠም ይመስለኛል። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው የቲቢ ላብራቶሪ ደኅንነት መመሪያ ላብራቶሪዎችን የከፈለው በጀርሙ ስም አይደለም፤ ጀርሙማ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው ብሎ የከፈላቸው በውስጣቸው በሚሠራው ሥራ ነው። አክታን በቀጥታ ስላይድ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየትና የጀርሙን ዘረ መል በሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት በተባለው ማሽን መመርመር ከዝቅተኛው ውስጥ የተመደቡ ሲሆኑ፣ አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ክፍል በተራ ጠረጴዛ ላይ እንዲሠሩ ይፈቀዳል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው የአጠቃላይ መመሪያው አራተኛ እትም ደግሞ የጀርሙን ምድብ በቀጥታ ከክፍሉ ደረጃ ጋር ማጣበቅን ትቶ፣ እያንዳንዱ ሥራ በራሱ አደጋው እንዲመዘን አድርጓል። ስብሰባው ላይ «ዓለም አቀፍ መመሪያ» እየተባለ የተጠቀሰው የትኛው እንደሆነ ቢነገረን መልካም ነበር።

ለምን በሥራው እንደሚመዘን የሚገባው ጠረጴዛው አጠገብ ለቆመ ሰው ነው። የቲቢ ጀርም ሠራተኛውን የሚይዘው በመተንፈሻ በኩል ነው፤ ጀርሙን የያዙ፣ በዓይን የማይታዩ፣ በአየር ላይ ለረዥም ጊዜ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ጠብታዎች ሲነሡ። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፤ ሥራው ስንት ጠብታ ያስነሣል? በጠብታውስ ውስጥ ስንት ጀርም አለ? አክታ ወፍራምና ሙጫ መሰል ነው፤ በእንጨት ስንጥር ተነሥቶ ስላይድ ላይ ቀስ ተብሎ ሲቀባ እምብዛም አይረጭም። በማይክሮስኮፕ ለመታየት እንኳ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል ጀርም ይበቃዋል። ካልቸር ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሥራ ጀርሙ ለሳምንታት ተመግቦ ይራባል፤ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕያው ጀርም ቀጭን ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም ይናወጣል፣ በፒፔት ይሳባል፣ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል። አንድ የካልቸር ቱቦ ወለል ላይ ወድቆ ቢሰበር ክፍሉን ወዲያው ለቅቆ መውጣት ግድ ነው፤ አየሩ በሰዓት ስድስት ጊዜ በሚለወጥበት ክፍል እንኳ ከተንሳፈፈው ጠብታ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ እጅ እስኪወጣ 46 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱም «ቲቢ» ይባላሉ። የመጀመሪያው ሥራ ደረጃ ሦስት አያስፈልገውም፤ ሁለተኛው ያስፈልገዋል፤ ካልቸር በየሆስፒታሉ ይሠራ የሚል ሰው ካለ እኔም ከኃላፊው ጎን ቆሜ እከለክለዋለሁ።

ጂን ኤክስፐርቱን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። ባለሙያው የአክታውን ብልቃጥ ይከፍትና የአክታውን እጥፍ ያህል ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን ፈሳሽ ይጨምርበታል፤ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ይንጠዋል፤ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ደግሞ እየናጠ 15 ደቂቃ ያቆየዋል። ፈሳሹ አክታውን ከማቅጠኑም በላይ የሕያው ጀርሙን ቁጥር ቢያንስ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይቀንሰዋል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ውስጥ ወደሚከተተው ካርትሪጅ የሚገባው፣ ስሙ ቲቢ ቢሆንም፣ አብዛኛው የሞተ ነው። እዚህ ላይ ደኅንነቱን የያዘው 15ቱ ደቂቃ ነው። ወረፋ በዛ ብሎ በአምስት ደቂቃ የሚያወጣው ሰው ምንም ዓይነት በር ቢገጠምለት አደጋውን ይዞት ይዞራል። ተቆጣጣሪ ሆኖ የሚመጣ ሰው የግድግዳ ሰዓቱን መኖር ሲጠይቅ ግን በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ጊዜ አላየሁም።

በስም መመደብ የሚለው ሐሳብ ከሁሉ የሚደክመው እዚህ ነው፦ የአክታው ብልቃጥ ላይ የጀርሙ ስም አልተጻፈም። ስሙን የምናውቀው መርምረን ነው። ከቢቸና ገጠር በከብቶቹ መካከል የኖረ፣ ትኩሳቱ የሚመላለስበት አርሶ አደር ደም ሲሰጥ፣ ደሙ ውስጥ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴላ የተባለ ጀርም ሊኖር ይችላል፤ ብሩሴላም ምድብ ሦስት ነው። በኃላፊው አመክንዮ ከሄድን የማንንም ደም መቅዳት አንችልም ማለት ነው። ብሩሴላ ደግሞ ባለሙያን የሚይዘው ደሙ ሲቀዳ ሳይሆን ካልቸር ላይ ያደገውን ሳያውቅ ክዳን ከፍቶ ሲያሸትተው ነው፤ እንደገና ሥራው።

ደረጃ ሦስት የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ከተለጠፈ ሰው ይድናል ብለው ለሚያምኑ ደግሞ ሳርስን አስታውሳለሁ። ወረርሽኙ እ.ኤ.አ. በ2003 አጋማሽ ከቆመ በኋላ ቫይረሱ የተመለሰው ከላብራቶሪ ነው። ሲንጋፖር ላይ በመስከረም 2003 በደረጃ ሦስት ክፍል ውስጥ በሌላ ቫይረስ ላይ ይሠራ የነበረ ተማሪ ተያዘ፤ ናሙናው ከሳርስ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ታይፔ ላይ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የደረጃ አራት ተመራማሪ ተያዘ፤ የፈሰሰ ቆሻሻ ሲያጸዳ ነበር። ቤጂንግ ላይ በ2004 የሆነው የሁሉም የከፋ ነው። ቫይረሱ ሞቷል ተብሎ ከደረጃ ሦስት ክፍል ወጥቶ ወደ ተራ ላብራቶሪ ተወሰደ፤ መሞቱን በትክክል ያረጋገጠ አልነበረም። ዘጠኝ ሰዎች ታመሙ፤ ከተያዙት ተመራማሪዎች የአንዷ እናት ሞተች። ሦስቱም ቦታዎች የእኛ ዞን ሊያልመው የማይችል ግንብ ነበራቸው። የጎደለው የሥራው ሥርዓት ነው። ስለዚህም «መጀመሪያ ግንቡ» የሚሉኝን ሰዎች፣ በሥራዬ ውስጥ ካየሁት ሁሉ በላይ ባለሙያን ለአደጋ የሚያጋልጡ እነርሱ ናቸው እላለሁ።

ግንቡማ ቢሠራ በምን ይቆማል? አየሩን ወደ ውስጥ የሚስበው ሞተር የሚዞረው በመብራት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ደረጃ ሦስት ክፍል የታፈነ ክፍል ይሆናል። ቀደም ሲል በሠራሁበት አንድ ቦታ ካቢኔት ነበረን፤ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ የአየር ፍጥነቱን የለካ ባለሙያ አልመጣም፤ በየዓመቱ መለካት ነበረበት። የፊት ወንፊቱ ላይ የምዝገባ መዝገብ ተቀምጦበት አገኘሁት። አየሩ የሚሳብበትን ቀዳዳ በመዝገብ ከደፈንከው ጠብታው ወደ ፊትህ ይመለሳል፤ ሠራተኛው ግን ካቢኔት ፊት ነኝ ብሎ ተማምኖ ተቀምጧል። መዝገቡን አንሥቼ ሳመለክት የተሰጠኝ መልስ «ሌላ ማስቀመጫ የለንም» የሚል ነበር።

ምርመራው ቢቆም አክታው የትም አይጠፋም። ከዓባይ በረሃ ቆላ ወጥቶ ደጀን የደረሰ፣ ሦስት ሳምንት ያሳለ ሰው «ደረጃ ሦስት እስኪሠራ» ተብሎ ሲመለስ፣ ጀርሙን አንድ ክፍል ባለው ቤት ልጆቹ መካከል ይስላል። ብልቃጥ ውስጥ ያለ አክታ ክዳን አለው፤ የሚያስለው ሰው የለውም። እውነተኛው አደጋ ያለው ወረፋው ላይ፣ አክታ የሚሰጥበት ቦታ ላይ ነው፤ ይህ ቦታ ከቤት ውጭ፣ ከሰው ራቅ ብሎ መሆን ሲገባው ስንት ጣቢያ ኮሪደር ውስጥ ያስተፋል?

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ነሐሴ ላይ ባለሙያው ብርዱን ፈርቶ መስኮቱን ይዘጋል፤ ነፋሱም ወረቀቱን ይበትንበታል። ያ የተዘጋ መስኮት በእኛ አገር ላብራቶሪ ከጎደለው ደረጃ ሦስት በር ሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። የሚፈለገው አየሩ ከባለሙያው ጀርባ ተነሥቶ በጠረጴዛው ላይ አልፎ በመስኮቱ እንዲወጣ ነው። ኃላፊው ምርመራውን የሚያቆመውን ደብዳቤ ከመፈረማቸው በፊት ወደ አንዱ ጣቢያ ሄደው ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ዕጣን ያጭሱ፤ ጭሱ ወደ መስኮቱ ከሄደ ምርመራው ይቀጥል፤ ወደ ባለሙያው ፊት ከመጣ ጠረጴዛውን ያዙሩት።